ኳስን በሰውነት መሸፈን የማይፈቀድበት ጨዋታ

በኦሊምፒክ ሰሞን ቴሌቪዥን ከፍቶ የሜዳ ሆኪ የሚያይ የእግር ኳስ ወዳጅ ግራ የሚጋባበት አንድ ነገር አለ። አንዷ ተጫዋች ኳሱን እንደያዘች ከኋላዋ የመጣችውን ተጋጣሚ በጀርባዋ ትከልላለች። የተገፋ የለም፤ የወደቀም የለም። ዳኛዋ ግን ፊሽካዋን ነፍታ ሁለት ክንዶቿን ደረቷ ላይ ታመሳቅላለች፤ ኳሱም ለሌላኛው ቡድን ይሰጣል። በእግር ኳስ ይህ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም አሠልጣኞች አጥቂውን ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ኳሱን እንዲያቆይ ያስተምሩታል፤ ያንን አሳምሮ የሚሠራ ተጫዋችም ይጨበጨብለታል።

በሆኪ ያው ድርጊት ጥፋት የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ መነሻው ዱላው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ተደርገው ይነገራሉ፦ አንደኛው ኳስ በዱላው ጠፍጣፋ ጎን ብቻ ይነካል የሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ኦብስትራክሽን የሚባለው፣ ተጋጣሚን መጋረድን የሚከለክለው። እኔ እንደማየው ግን ሁለቱ ተነጣጥለው የሚቆሙ አይደሉም። የመጀመሪያው ኳስ የያዘውን ሰው ለንጥቂያ ክፍት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ያንን ክፍተት በሰውነቱ እንዳይደፍን ይከለክለዋል።

የሆኪ ዱላ ርዝመቱ ከ105 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ737 ግራም መብለጥ የለበትም። ውፍረቱ ደግሞ የውስጥ ስፋቱ 51 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። ከታች ጫፉ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ይህን የታጠፈ ክፍል የዱላው ራስ እንበለው። ከላይ ሲይዙት የራሱ ግራ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ ቀኝ ጎኑ፣ ማለትም ጀርባው፣ የተድቦለቦለ ነው። በአገራችን የገና ጨዋታ ላይ ከእንጨት የተቆረጠው ቆልማማ ዱላ እንዲህ ያለ የታወቀ ፊትና ጀርባ የለውም፤ ሩሯን በየትኛውም ጎኑ ቢለጓት የሚጠይቅ የለም። በሆኪ ግን ሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች በዱላው ጀርባ ኳስ እንዲጫወት አይፈቀድለትም።

በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ጠፍጣፋው ጎን በቀኝ የሆነ ዱላ የለም። ግራኝ የሆነ ሰውም እንደ ሌላው ሁሉ ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱ ወደ ግራ የሚያየውን ያንኑ ዱላ ይይዛል። ይህ በግራኞች ላይ የተጫነ ቅጣት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ያለው ግራ እጅ ነው ዱላውን የሚያሽከረክረው፤ ስለዚህ ብርቱ ግራ እጅ ያለው ሰው ብዙም አይጎዳም። ሁሉም አንድ ዓይነት ዱላ መያዙ ደግሞ ሌላ ውጤት አለው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ጀርባው ለምን ተከለከለ? የመጀመሪያው ምክንያት ኳሱ ነው። የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ደረቅና ጠንካራ ኳስ ነው፤ ጉልበት ላይ ወይም ፊት ላይ ቢያርፍ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ጠፍጣፋ ነገር ኳስን ወደሚያይበት አቅጣጫ ይሰደዋል። ድቡልቡል ነገር ግን ኳሱ ያረፈበት ነጥብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲለይ አቅጣጫው በብዙ ይለወጣል፤ ሽቅብም ሊወጣ ይችላል። መቺው ራሱ ወዴት እንደሚሄድ በማያውቀው ኳስ ፊት ለፊት መቆም አደጋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከአደጋ ጋር አይገናኝም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ከፊቱ አድርጎ ሲሮጥ የዱላው ፊት ወደ ግራ ነው የሚያየው። ስለዚህ ኳሱን ከቀኝ ወደ ግራ መግፋት አይከብደውም። ከግራ ወደ ቀኝ ሊመልሰው ሲፈልግ ግን ዱላውን ከኳሱ በላይ አሻግሮ፣ በግራ እጁ አንጓ ገልብጦ፣ የራሱ ጫፍ ወደ ራሱ እንዲያመለክት ማድረግ አለበት። ያኔ ብቻ ነው ጠፍጣፋው ጎን ወደ ቀኝ የሚያየው። በጀርባው መንካት ቢፈቀድ ይህ ሁሉ ማገላበጥ አያስፈልግም ነበር፤ ኳሱን በሁለቱ ጎኖች መካከል እያንገላቱ መሄድ ይበቃ ነበር። ሕጉ ስለከለከለ ኳሱ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለውጥ ለአንድ አፍታ ያለ ዱላ ይቀራል። ተከላካይ የሚጠብቃት ያቺን አፍታ ነው።

ይህን ችግር ወደ ጥበብ የለወጡት የሕንድ ተጫዋቾች ናቸው። ጨዋታው በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሥርዓት ሲይዝ የዱላው ራስ ረጅም ነበር፤ ረጅም ራስ ደግሞ በፍጥነት አይገለበጥም። ስለዚህ ኳሱን ወደ ፊት እየገፉ መሮጥና ማቀበል ይበዛ ነበር። በሕንድ ክፍለ አህጉር የራሱ ርዝመት እያጠረ ሲመጣ ዱላው ኳሱን በቀኝና በግራ እያገላበጠ የሚሄድበት ስልት ተስፋፋ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሕንድ ድሪብል ይባላል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1956 በተካሄዱት ስድስት ተከታታይ የኦሊምፒክ የወንዶች ውድድሮች ወርቁን ወስዳለች፤ በ1960 ይህን ተከታታይ ድል የቋጨችው ጎረቤቷ ፓኪስታን ናት። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አጭር ራስ ያለው ዱላ የዚያ ጨዋታ ውርስ ነው።

በጠፍጣፋው ጎንና በጀርባው መካከል ቀጭን ጠርዝ አለ፤ ብዙ ክርክር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ጠርዝ ጀርባ አይደለም። ኳሱ በግራ በኩል ሲሆን ዱላውን ገልብጦ፣ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በጠርዙ አጥብቆ መምታት የተፈቀደ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጎሎች የሚቆጠሩትም እንዲህ ነው። በቀኝ በኩል ግን በጠርዙ አጥብቆ መምታት ክልክል ነው፤ በዚያ በኩል የተመታው ኳስ በቀላሉ ተነሥቶ ሰው ላይ ያርፋልና። በቀኝ በኩልም ቢሆን በጠርዙ ኳስ ለመንጠቅ፣ በረጅሙ መሬት ለመሬት ለመግፋት ወይም ወድቆ ከተኛ ግብ ጠባቂ በላይ በቁጥጥር ለማንሣት ይቻላል። የተከለከለው በኃይል መምታቱ ነው።

ዳኛ በዚህ ሁሉ ፍጥነት ውስጥ የጀርባን ንክኪ እንዴት ያውቃል? ዓይኑ ዱላው ራስ ላይ ነው። ኳሱ በተጫዋቹ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ከሄደ፣ የራሱ ጫፍ ወደ ተጫዋቹ ዞሮ መታየት አለበት። ጫፉ ወደ ውጭ እያመለከተ ኳሱ ወደ ቀኝ ከተጓዘ የነካው ጀርባው ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ተመልካችም ይህችን አንድ ምልክት ከያዘ ከመቀመጫው ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከዳኛው ጋር ይስማማል። ጥፋቱ በብዛት የሚፈጸመው ተከላካይ በግራ በኩሉ የሚያልፍበትን ኳስ ለመድረስ በአንድ እጁ ሲዘረጋና ዱላውን ለመገልበጥ ጊዜ ሲያጥረው ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ንክኪ በፊሽካ አይቆምም። ሕጉ ቅጣት የሚሰጠው ጥፋቱ ተጋጣሚውን ሲጎዳ ብቻ ነው ይላል፤ ኳሱ ጀርባውን ነክቶ ወደ ተጋጣሚው እጅ ከገባ ዳኛው ጨዋታውን ያስቀጥላል።

አሁን ወደ መጋረዱ እንሂድ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዱላ ስለያዘ፣ ኳስ የያዘ ሰው የሚጠነክርበትና የሚደክምበት ጎን የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነው። አጥቂው ኳሱን ወደ ራሱ ቀኝ ይዞ ካለፈ በተከላካዩ ደካማ ጎን ያልፋል፤ ተከላካዩም ዱላውን ገልብጦ ለመድረስ ይገደዳል። ወደ ግራው ከሳበው ግን ተከላካዩ ያለ ችግር በጠፍጣፋው ጎን ይቀበለዋል። የግል ፍልሚያው ሁሉ የሚካሄደው በዚህ ላይ ነው። ኳስ የያዘው ሰው አደጋ ሲመጣበት ዞሮ ጀርባውን ቢሰጥና ቢቆም ግን የዱላ ጨዋታ ያበቃል። ነጣቂው ኳሱ ጋር የሚደርሰው በሰውነቱ አልፎ ወይም በእግሮቹ መካከል ዱላ ሰድዶ ብቻ ይሆናል። በዚያ ደረቅ ኳስና በዚያ ዱላ እንዲህ ያለ ትግል ቢፈቀድ ቁርጭምጭሚት የሚተርፍለት ተጫዋች አይኖርም።

ስለዚህ ሕጉ፣ ተጋጣሚ ኳሱን ለመጫወት እየሞከረ ሳለ ሊጋረድ አይገባም ይላል። ወደ እሱ በጀርባ መግፋት፣ ዱላውን ወይም ሰውነቱን መያዝና ማደናቀፍ፣ እንዲሁም ኳሱን በሰውነት ወይም በዱላ ከትክክለኛ ንጥቂያ መከለል ጥፋት ነው። ይህ ጥፋት እንዲቆጠር ሁለት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፤ ደጋፊ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እነዚህን ነው። አንደኛ፣ ነጣቂው ኳሱን በዱላው ሊደርስበት በሚችልበት ርቀት ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በእርግጥ ለመጫወት እየሞከረ መሆን አለበት። ሦስት ሜትር ርቆ «ከለለችኝ!» ብሎ እጁን የሚያነሣ ተጫዋች የተጋረደ አይደለም። ቅርብ ሆኖ ዱላውን ሳይዘረጋ የቆመም አልተጋረደም።

ቀደም ባለው ጊዜ ሕጉ ከዚህ የጠበቀ ነበር፤ ኳስ ሲቀበሉ ለተከላካይ ጀርባ መስጠት ብቻውን ያስቀጣ ነበር። በ1990ዎቹ ይህ ላላ። ዛሬ ባለበት ቆሞ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች ፊቱን ወደፈለገው አቅጣጫ ማዞር ይችላል። ከተቀበለ በኋላም ኳሱን ይዞ ወደፈለገበት ይሄዳል። የማይፈቀድለት በሰውነቱ ተጋጣሚው ላይ መሄድና፣ ኳሱ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ሆኖ ሊነጥቅ በሚሞክር ተጋጣሚና በኳሱ መካከል መግባት ነው። ጨዋታው ፈጣን የሆነው በከፊል ለዚህ ነው፤ ተቀባዩ ለአፍታ ይተነፍሳል፤ ወዲያው ግን መንቀሳቀስ ወይም ማቀበል አለበት።

አንድ ሁኔታ ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቀዮቹ 2 ለ 1 ይመራሉ። የቀዮቹ ተከላካይ ኳሱን ይዛ በራሷ ሜዳ ወዳለው ማዕዘን ትሮጣለች፤ ሐሳቧ እዚያ ሰዓት መግደል ነው። ማዕዘኑ ከራሷ ጎል መስመር አጠገብ ነው፤ ጎል ለማስቆጠር ከውስጡ መምታት ግዴታ ከሆነው ከግማሽ ክቡ ግን ውጭ ነው።

ማዕዘኑ ጋር ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷ ወደ ባንዲራው፣ ኳሱም ከፊቷ ነው። የሰማያዊዎቹ አጥቂ ገና አምስት ሜትር ላይ ናት። እዚህ ላይ ምንም ጥፋት የለም። አጥቂዋ ቀርባ ከጀርባዋ ቆመች፤ ዱላዋ ግን መሬት ላይ ነው፤ ወደ ኳሱ አልሞከረችም። አሁንም ጥፋት የለም። ሰማያዊ ደጋፊዎች ይጮኻሉ፤ ዳኛዋ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ትክክል ነው።

አጥቂዋ ወደ ተከላካይዋ ቀኝ ዞራ ዱላዋን ወደ ኳሱ ዘረጋች። ተከላካይዋ አሁን ሁለት ምርጫ አላት። ኳሱን ይዛ በመስመሩ ላይ ወደ ግራ ብትንቀሳቀስ፣ አጥቂዋም ተከትላ ብትሮጥ፣ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ከኋላ የቀረ ሰው ስለቀረ ብቻ ተጋረደ አይባልም። ባለችበት ቆማ ዳሌዋን ወደ ቀኝ ብታወጣና የተዘረጋው ዱላ በእግሯ ቢታገድ ግን ጋርዳለች። ሰውነቷን ሳታንቀሳቅስ አንድ እጇን ለቅቃ ዱላዋን በአጥቂዋ ዱላና በኳሱ መካከል ብታስገባም ያው ነው፤ በዱላ መጋረድ ይባላል። ዳኛዋ ለዚህኛው አንድ ክንዷን ወደ ታች አጋድላ ዘርግታ በሌላው እጇ ትነካዋለች።

ቅጣቱ ምን ይሆናል? ተከላካይዋ ሳታስበው ያደረገችው ከሆነ ለሰማያዊዎቹ ተራ ቅጣት ምት ነው። ነገር ግን ከጎል መስመሩ 23 ሜትር በሚለካው ክልል ውስጥ ናት፤ በዚያ ክልል ተከላካይ ሆን ብሎ ጥፋት ከሠራ ከክቡ ውጭም ቢሆን ፔናልቲ ኮርነር ይሰጣል። ሰዓት ለመግደል ማዕዘን ላይ ሄዶ ዳሌ ማውጣት ሳይታሰብ የሆነ ነው ብሎ የሚያምን ዳኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ልትገዛ የሄደችው ተከላካይ ለተጋጣሚዋ ጥሩ የማስቆጠሪያ ዕድል ልትሰጥ ትችላለች።

ሌላው ጎንም አለ። አጥቂዋ ትዕግሥት አጥታ ከኋላ በተከላካይዋ እግሮች መካከል ዱላ ብትሰድና ቁርጭምጭሚቷን ብትመታ ጥፋቱ የአጥቂዋ ነው። ኳሱን ያለ ንክኪ ሊጫወት የሚችልበት ቦታ ላይ ያልደረሰ ሰው መንጠቅ አይፈቀድለትም። መጋረድ አለ ለማለት መጀመሪያ ትክክለኛ ንጥቂያ መኖር አለበት፤ ነጣቂዋ እግሯን አንቀሳቅሳ ጥሩ ቦታ የመያዝ ግዴታ አለባት።

ጥሩ ዓይን ያለውን ዳኛም የሚፈትነው ኳስ ያልያዘ ሰው የሚሠራው መጋረድ ነው። ፔናልቲ ኮርነር ላይ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ቢበዛ አምስት ተከላካዮች ከጎል መስመሩ ኋላ ይቆማሉ። አንድ አጥቂ ከጎሉ ቋሚ ቢያንስ አሥር ሜትር ርቆ ኳሱን ከመስመሩ ይልካል፤ ከክቡ ውጭ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ክቡ ተመልሶ ይመታል። ከተከላካዮቹ ፈጣኑ በቀጥታ ወደ መቺው ይሮጣል። በዚያ ሰዓት ሌላ አጥቂ በሯጩ መንገድ ላይ ቢያቋርጥ ወይም ግብ ጠባቂውን ቢከልል፣ ምንም እንኳ ኳሱን ያልነካ ቢሆን፣ ጋርዷል። ጎል ቢቆጠርም ይሰረዛል፤ ቅጣት ምቱም ለተከላካዮቹ ይሆናል። ዳኛው የተመሳቀሉ ክንዶቹን ደረቱ ላይ እየከፈተና እየዘጋ ያሳያል።

ችግሩ አጥቂዎች ወደ ክቡ የመሮጥ መብት ያላቸው መሆኑ ነው። የተመለሰ ኳስ ለማግኘት የሚሮጥ አጥቂና መንገድ ለመዝጋት የሚሮጥ አጥቂ አንድ መስመር ላይ ሊሮጡ ይችላሉ። ዳኛው ሁለት ነገር ይመለከታል፤ አጥቂው ወዴት ያያል፣ ተከላካዩስ ባይዘጋበት ኳሱ ጋር ይደርስ ነበር ወይ። ወደ ኳሱ እያየ የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይለፋል። ዓይኑ ሯጩ ላይ ተተክሎ እርምጃውን ከእሱ ጋር የሚያስተካክል ግን ይታወቅበታል። በዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ላይ የተከላካዮቹ ቡድን የቪዲዮ ዳኛ እንዲያየው መጠየቅ ይችላል፤ ምስሉ ዘግየት ተደርጎ ሲታይ ከኳሱ ይልቅ የአጥቂውን ጭንቅላትና እግር መከተል የሚሻለው ለዚህ ነው።